ጀሪካኑ ላይ ያለው 230 ዲግሪ

«ጤና ይስጥልኝ። አምስት ቤተሰብ ነን፤ በወር ሦስት ሊትር ያህል ዘይት እንጨርሳለን። የምገዛው የተጣራ የሱፍ አበባ ዘይት ነው። ሰሞኑን ግን ሽንኩርቱን ገና ሳልጨምር ይጨሳል። ጀሪካኑ ላይ ‹የጭስ ነጥብ 230 ዲግሪ› ይላል። ታዲያ ዘይቱ አስመስለው የሠሩት ነው? ከድንች ጥብስ የተረፈውን አጥልዬ ከአዲሱ ጋር ቀላቅዬ እጠቀማለሁ። አሁን አንድ የፓልም ዘይት አይቻለሁ። ጀሪካኑ ከሱፉ በ10 ከመቶ ይረክሳል፤ ‹ኮሌስትሮል የሌለው› የሚልም ተጽፎበታል። እህቴ ደግሞ የወይራ ዘይት ግዢ ትለኛለች፤ እሱ በሊትር የሱፉን አራት እጥፍ ነው። የሁለቱን ጀሪካን ፎቶ አያይዣለሁ። የቱን ልግዛ?»

በሱፍ አበባው ይቀጥሉ። ከሦስቱ ለእርስዎ ቤት የሚስማማው እሱ ነው። ዘይቱ አስመስለው የሠሩት ነው ብዬም አልጠረጥርም። ጭሱን የሚያመጣው ከድንች የተረፈው ዘይትና የምድጃው እሳት ይመስለኛል። ምክንያቱን ከጭሱ ልጀምርልዎት፤ እሱ ከገባዎት የቀረው ቀላል ነው።

ዘይት ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በላቦራቶሪ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያን 230 የሚለውን ቁጥር በእጄ ለክቼ አውቀዋለሁ። አለካኩ ቢያዩት ይገርምዎታል። አንዲት ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ምንም ያልነካው አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ይሞላባታል። ቴርሞሜትር ይገባባታል። ከዚያ ነፋስ በማይገባበት፣ ከኋላው ጥቁር በሆነ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ከሥር ቀስ እያለች ትሞቃለች። መብራት በጎን ይበራባታል። ዐይንዎን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። ቀጭን፣ ሰማያዊ ቢጤ ጭስ ሳይቋረጥ መውጣት ሲጀምር ቴርሞሜትሩን ያነባሉ። በቃ፣ የጭስ ነጥብ ማለት ይኸው ነው። እኔና የሥራ ባልደረባዬ አንዱን ዘይት ለክተን በአምስት ዲግሪ የምንለያይበት ቀን ነበር። እሱ 228 ሲል እኔ 223 እላለሁ። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ 230፣ ሌላው 225 ቢል ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቁጠሩት።

አሁን ምኑ ነው የሚጨሰው? ዘይት ማለት ሦስት ሦስት ሆነው በግሊሰሮል የታሰሩ ፋቲ አሲዶች ማለት ነው። እስሩ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ዘይቱ ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይተንም። ግን ሁልጊዜ ከእስሩ ያመለጡ ጥቂት ፋቲ አሲዶች አሉ። በሙያው ነፃ ፋቲ አሲድ እንላቸዋለን። እነዚህ ቀለል ያሉ ስለሆኑ ቀድመው ይተናሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ጭስ በአብዛኛው ከእነሱ ነው።

የማጣሪያ ፋብሪካ ትልቁ ሥራ እነሱን ማስወጣት ነው። ከሶዳ ጋር ተደባልቀው ሳሙና ሆነው ይታጠባሉ። ከዚያ ደግሞ ዘይቱ አየር በሌለበት ታንክ ውስጥ ከ200 ዲግሪ በላይ እየሞቀ እንፋሎት ይነፋበታል፤ ሽታውና የቀረው ነፃ አሲድ አብሮ ይወጣል። ጥሩ ሆኖ የተጣራ ዘይት ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ የሚቀረው ነፃ አሲድ ከመቶ 0.05 አካባቢ ነው። የሱፍ አበባ ይሁን አኩሪ አተር፣ በቆሎ ይሁን ፓልም፣ እንዲህ ከተጣራ የጭስ ነጥቡ ከ220 እስከ 230 አካባቢ ይሆናል። ለጭስ ነጥብ ከፍሬው ዓይነት ይልቅ የማጣራቱ ጥራት ይበልጣል። ያልተጣራ፣ በጭመቃ ብቻ የወጣ የሱፍ አበባ ዘይት ከተጣራው ወንድሙ በብዙ ዲግሪ ቀድሞ የሚጨሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ መጥበሻ እንሂድ። ድንች ውኃ አለው። ውኃውና ሙቀቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የዘይቱን እስር ይፈታሉ፤ ነፃ አሲዱ ይጨምራል። ነፃው አሲድ ከመቶ ግማሽ ሲደርስ የጭስ ነጥቡ ከ180 በታች ይወርዳል። አንድ ከመቶ ሲደርስ ወደ 160 ይጠጋል። ግማሽ ከመቶ ስንት እንደሆነ ልንገርዎት፦ በአንድ ሊትር ዘይት ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ያቺ አንዲት ማንኪያ ሃምሳ ዲግሪ ታሳጣዎታለች።

ቅልቅሉን አብረን እናስላው። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይትዎ አንድ ከመቶ ነፃ አሲድ አለው እንበል። ከእሱ አንድ ኩባያ ወስደው ሦስት ኩባያ አዲስ ዘይት ጨመሩበት። አዲሱ 0.05 ነው። አራቱን ኩባያ ስናማካኝ ወደ 0.3 ከመቶ እንመጣለን። የዚህ ቅልቅል የጭስ ነጥብ በ180ዎቹ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ኩባያ አሮጌ ዘይት ለማዳን ብለው የሦስት ኩባያ አዲስ ዘይት ጥቅም ሸጡ ማለት ነው። ማጥለልዎ ጥሩ ነው፤ ፍርፋሪው ይወጣል፣ ምሬቱም ይቀንሳል። ነፃው አሲድ ግን በዘይቱ ውስጥ ሟሙቶ ስላለ በወንፊትም በጨርቅም አይያዝም።

እንደኔ ከሆነ አሮጌውን ለብቻው ጠርሙስ ይስጡት። ለጥብስ ብቻ፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ከተጠቀሙበት በኋላ ያሰናብቱት። ወደ አዲሱ ጀሪካን ግን ጠብታም አይመልሱ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ እሳቱ ነው። ሽንኩርት ለማቁላላት ሦስት አራት ማንኪያ ዘይት መጥበሻው ላይ ጠብ ያደርጋሉ፤ እሳቱን ይለኩሳሉ፤ ከዚያ ሽንኩርቱን መላጥ ይጀምራሉ። አይደለም እንዴ? ሁላችንም እናደርገዋለን፤ እኔም ሙያዬ እያለ አደርገዋለሁ። ችግሩ ዘይቱ ስስ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ምንም ነገር የለም። በጠንካራ እሳት ላይ ያለ ስስ መጥበሻ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ230 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ሰዓት የትኛውም ዘይት ይጨሳል። ሽንኩርት ሲገባ ግን ውኃው ስለሚተን ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሽንኩርቱን ይክተፉ፣ ከዚያ እሳቱን ይለኩሱ። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

የቱ እንደሆነ ለመለየት አንድ ምሽት ይበቃዎታል። መጥበሻውን በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁት። ከሥሩና ከጎኑ የተጣበቀ ቡናማ ሽፋን ካለ ይፈግፍጉት፤ የትናንቱ ዘይት ቃጠሎ ነው፣ እሱም ራሱን ችሎ ይጨሳል። ከዚያ ካልተከፈተ ጀሪካን የወጣ አዲስ ዘይት ያድርጉና በመካከለኛ እሳት ያሙቁት። የቂጣ ወይም የዳቦ ቁራጭ ጣል ያድርጉበት። በአንድ ደቂቃ ገደማ ወርቃማ ከሆነ ዘይቱ ወደ 180 ዲግሪ ነው። ቁራጩ ወርቃማ ሆኖ ዘይቱ ካልጨሰ ዘይትዎ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የቅልቅሉ ወይም የእሳቱ ነበር። አዲሱ ዘይት በንጹሕ መጥበሻ ላይ፣ ዳቦው ገና ሳይቀላ የሚጨስ ከሆነ ግን በትክክል አልተጣራም ወይም ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ያን ጊዜ ጀሪካኑን ይዘው ወደ ሻጩ ይመለሱ።

ይህን ሲያደርጉ ከምድጃው አይራቁ። ጭሱ እየወፈረ ዐይን የሚያቃጥል ከሆነ እሳቱን ያጥፉ። የሚያቃጥለው አክሮሊን የሚባል ነገር ነው፤ የግሊሰሮሉ መፍረስ ውጤት ነው። መጥበሻው ድንገት ቢቀጣጠል በክዳን ይሸፍኑት እንጂ ውኃ እንዳያፈሱበት።

ታዲያ 230 ወይም 270 የሚል ዘይት ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል? ለቤት ማብሰል የሚያስፈልግዎትን ሙቀት እንይ። ውኃ ያለው ማንኛውም ምግብ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ሽንኩርት ሲቁላላ ከ120 እስከ 150 አካባቢ ነው። ድንች ወይም ዓሣ በብዙ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው ከ160 እስከ 180 ነው፤ ከዚያ ማለፍ ደግሞ ለድንች አይመከርም። ጥሩ ሆኖ የተጣራ ማንኛውም ዘይት ከዚህ በላይ አርባ ሃምሳ ዲግሪ ትርፍ አለው። የአቮካዶ ዘይት 270 ይደርሳል ተብሎ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ግን 180 ዲግሪ ላይ ድንችዎ ልዩነቱን አያውቀውም። በተጣሩ ዘይቶች መካከል የጭስ ነጥብን እያወዳደሩ መግዛት ከንቱ ድካም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ቶሎ የማይጨስ ዘይት ሲሞቅ አይበላሽም» ይባላል። አይደለም። መጨስና መበላሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጨስ የነፃው አሲድ ጉዳይ ነው። መበላሸት ግን ኦክስጅን ፋቲ አሲዱን የሚያጠቃበት ነው፤ ያ የሚወሰነው በፋቲ አሲዱ የካርቦን ሰንሰለት ላይ ኦክስጅን የሚገባበት ስንት ደካማ ቦታ እንዳለ በማየት ነው።

የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ አብዛኛው ፋቲ አሲድ ሁለት ደካማ ቦታ ያለው ሊኖሊክ የሚባለው ነው። የወይራ ዘይት ውስጥ አብዛኛው አንድ ብቻ ያለው ኦሌይክ ነው። ሊኖሊክ ከኦሌይክ በአስር እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ኦክስጅን ይይዛል። ለዚህ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው፦ ሳይጣራ የተጨመቀው የወይራ ዘይት በ190 ዲግሪ አካባቢ ሊጨስ ይችላል፤ ግን ደጋግመው ቢያሞቁት ከሱፍ አበባው ይልቅ ይጸናል። የሱፍ አበባው ሳይጨስ እየተበላሸ ይሄዳል።

በዐይንና በጣት የሚለየው እንዲህ ነው። ድንቹ ሲገባ የሚነሳው አረፋ ትልልቅ ሆኖ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ደህና ነው። ትንንሽ፣ ቢጫ፣ ከመጥበሻው ጎን ላይ የሚቆይ አረፋ ከሆነ ዘይቱ አልፎበታል። ሲቀዘቅዝ ወፈር ብሎ የሚንጠባጠብ፣ የጠርሙሱን አፍ የሚያጣብቅ ከሆነም እንዲሁ። ሽታውን ለማወቅ ትንሽ ዘይት መዳፍዎ ላይ ፈትገው ያሽቱት፤ እንደ ቀለም ወይም እንደ አሮጌ ሰም የሚሸት ከሆነ ይጣል። ቀለሙ ብቻ ጠቆር ቢል ግን አይደንግጡ፤ ከምግቡ ላይ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ‹ሃይ ኦሌይክ› የሚል የሱፍ አበባ ዘይት ይገኛል። ይህ በዘር የተመረጠ የሱፍ አበባ ነው፤ ኦሌይኩ ወደ 80 ከመቶ ይጠጋል። ብዙ የሚጠብሱ ቤተሰቦች ከሆኑ ትንሽ ተወዶም ቢሆን ያዋጣል። በወር አንድ ሁለቴ ብቻ የምትጠብሱ ከሆነ ተራው ይበቃል።

አሁን ዋጋው። የላኩልኝን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። የሱፉ ጀሪካን ላይ የተጻፈው 5 ኪሎ ግራም ነው። የፓልሙ ላይ ደግሞ 5 ሊትር። ጀሪካኖቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ዓይነት መስለዋል፤ አይደሉም። ዘይት ከውኃ ይቀላል። አንድ ሊትር የሚመዝነው 0.92 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ 5 ኪሎ የሱፍ ዘይት ማለት 5.4 ሊትር ማለት ነው።

የሱፉ ዋጋ 100 ነው እንበል፤ የገንዘቡ ስም ምንም ይሁን። የፓልሙ በ10 ከመቶ ስለሚረክስ 90 ነው። 100 ለ5.4 ሲካፈል በሊትር 18.5 ይመጣል። 90 ለ5 ሲካፈል ደግሞ 18 ነው። ያ የ10 ከመቶ ቅናሽ ወደ 3 ከመቶ ገደማ ወረደ። በወር ሦስት ሊትር ለሚጠቀም ቤት ልዩነቱ ከአንድ ሻማ አይበልጥም ልበልዎት።

ከዚህ በኋላ ሱቅ ሲገቡ የፊቱን ሥዕል ትተው ጀሪካኑን ያዙሩት። መጀመሪያ መጠኑ በኪሎ ነው በሊትር የሚለውን ይዩ። ኪሎ ከሆነ ለ0.92 ያካፍሉ፤ ስልክዎ ላይ አምስት ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። በብዙ አገር ሕግ መሠረት ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ፊት ለፊት ትልቅ ቢጫ አበባ ተሥሎ ከኋላ «የፓልም ዘይት፣ የሱፍ አበባ ዘይት» የሚል ከሆነ የገዙት በዋናነት ፓልም ነው። «የአትክልት ዘይት» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ምን እንደሆነ ሊነግርዎት አልፈለገም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እኔ አልገዛም።

ቤት ውስጥ መጠርጠር ከፈለጉ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩ። ፍሪዘር አይደለም፣ ከታች ነው። የፓልም ዘይት ሲነጋ ይደፈርሳል ወይም ይረጋል። ጥሩ የተጣራ የሱፍ አበባ ጥርት ብሎ ያድራል። ይህ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም፤ የወይራና የኦቾሎኒ ዘይትም በብርድ ይደፈርሳሉ። መደፍረሱም ብልሽት አይደለም፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ግን ‹መቶ ከመቶ ሱፍ አበባ› ተብሎ የተሸጠ ዘይት በጠዋት እንደ ገንፎ ሆኖ ካገኙት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት።

ትልቅ ዕቃ ይረክሳል የሚለውም በልክ ነው። 20 ሊትር ብትገዙ በእናንተ ፍጆታ ወደ ሰባት ወር ይቆያል። በየጊዜው ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባል፤ ወደ ግማሽ ሲወርድ ደግሞ ግማሹ አየር ሆኖ ይቀመጣል። ለሦስት ሊትር ፍጆታ አምስቱ ትክክለኛ መጠን ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ከምድጃው አጠገብ አያስቀምጡት፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይም አይሁን።

ወደ ጤናው እንምጣ፤ ‹ኮሌስትሮል የሌለው› ወደሚለው። እውነት ነው፤ ውሸት አልጻፉም። ግን ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳ በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነው። ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው ሊባል ይችላል። የፓልሙም፣ የሱፉም፣ የወይራውም፣ የኮኮናቱም። ስለዚህ ያ ጽሑፍ አንዱን ዘይት ከሌላው አያስበልጠውም። ‹ውኃ ከአልኮል ነፃ ነው› ብሎ ጠርሙስ ላይ እንደ መጻፍ ነው።

የደምዎን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ሳቹሬትድ ፋት ይባላል። ያ ደግሞ በየዘይቱ እጅግ ይለያያል። በሱፍ አበባ ውስጥ 11 ከመቶ ገደማ ነው። በአኩሪ አተር 15 ገደማ፣ በወይራ 14 ገደማ። ፈሳሽ ሆኖ በሚሸጠው የፓልም ዘይት ውስጥ ከ40 ይበልጣል። በኮኮናት ውስጥ ከ80 ያልፋል፤ ‹ተፈጥሯዊ› ተብሎ ስለተወደሰ ብቻ ቁጥሩ አይቀንስም።

በእናንተ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስላልዎት። በወር ሦስት ሊትር ማለት 2,760 ግራም ነው። ለአምስት ሰውና ለሠላሳ ቀን ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 18 ግራም ይደርሰዋል። ዘይቱ የሱፍ አበባ ከሆነ ከእሱ የሚገኘው ሳቹሬትድ ፋት ሁለት ግራም ነው። ፓልም ከሆነ ወደ ስምንት ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ፋት ከቀኑ ጉልበት ከ10 ከመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። በፓልሙ ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ገና ሳይቆጠር ከሦስት አንድ እጅ በላይ አለቀ። በሱፉ ግን ከአስር አንድ እጅ ነው። ለ3 ከመቶ የዋጋ ልዩነት ይህን መለወጥ አላዋጣኝም።

ፓልም መርዝ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ልብ ይበሉልኝ። ሲጠበስበት የማይበላሽ ጽኑ ዘይት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚጠብሱ ቤቶች የሚወዱት ለዚህ ነው። ቤተሰቡ ሁሉን ነገር በዘይት የሚሠራ ከሆነና ዋጋው በግማሽ ቢረክስ ኖሮ ንግግራችን ሌላ ይሆን ነበር። አሁን ባለው ዋጋ ግን ምክንያት የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የረጋ የአትክልት ስብ ከገዙ ከኋላው «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት» የሚል ካለ ይመልሱት። ትራንስ ፋት የሚመጣው በዋናነት ከዚያ ነው። ለልብ ከሳቹሬትድ ፋትም ይብሳል። ፊት ለፊቱ ‹ዜሮ ትራንስ ፋት› ቢልም በይዘት ዝርዝሩ ይመኑ። በአንዳንድ አገር ሕግ በአንድ ጊዜ መጠን ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ትራንስ ፋት ‹ዜሮ› ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ያ ‹አንድ ጊዜ› ደግሞ አንድ ማንኪያ ነው፣ እርስዎ አራት ማንኪያ ይጠቀማሉ።

‹ላይት› የሚል ጽሑፍም ያጋጥምዎታል፤ በተለይ የወይራ ዘይት ላይ። ቀለል ያለው ጣዕሙና ቀለሙ ነው። ጉልበቱ ያው ነው። የትኛውም ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ዘይት መቀየር አይሠራም፤ ማንኪያውን መቁጠር ነው።

እህትዎ ስለ ወይራ ዘይት ያሉት በከፊል ልክ ነው። ጥሩ ዘይት ነው፤ ሲሞቅ መርዝ ይሆናል የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። ግን ሽንኩርት ለማቁላላት አራት እጥፍ መክፈል አይገባዎትም። የወይራ ዘይት ዋጋው ያለው ሽታውና ትንሽ የሚያሳክክ መራርነቱ ላይ ነው። እነዚያ በእሳት ላይ ይቀንሳሉ። ወይራ የሚያምርዎት ከሆነ ሩብ ሊትር ይግዙ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ጠርሙስ ይሁን፤ ብርሃን ቶሎ ያበላሸዋል። ከምርት ቀኑ የራቀ አይሁን። ሰላጣ ላይ፣ ሳህን ላይ የቀረበ ምግብ ላይ ጠብ ያድርጉት። ለአምስት ሰው በዚህ አጠቃቀም አንድ ወር ይበቃል።

ያን ከድንች የተረፈ ጠርሙስ አሁኑኑ ከፍተው ያሽቱት። ሽታው ተለውጦ ከሆነ ቀዝቅዞ ሳለ በተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ አድርገው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ወደ መታጠቢያው ቱቦ ካፈሰሱት ሌላ ቀን ቱቦውን ለማስከፈት ይከፍላሉ። ሽታው ደህና ከሆነ አንዴ ድንች ይጥበሱበትና ይሸኙት። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ቅልቅል ግን ለጥብስ አይሁን። ለሽንኩርት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ሲያልቅ ብቻ እየተጠቀሙ ይጨርሱት። ጭሱ በአዲሱ ጀሪካን የማይመለስ ከሆነ ሱቅ ያለው ሰውዬ ምንም አላጠፋም።